የዲሲ ሞተሩ ሞዴል 24 ቮልት ላይ ገጥሞ 6 ቮልት ላይ ለምን ይስታል?

ጥያቄ፦ ከቮልቴጅ እስከ ዘንጉ ፍጥነት ድረስ የአንድ ትንሽ ዲሲ ሞተር ሞዴል ሠርቻለሁ። R = 2 ኦም፣ L = 2 ሚሊ ሄንሪ፣ የሞተሩ ቋሚ ቁጥር K = 0.05፣ የሮተሩ ኢነርሺያ J = 5e-5 ነው። ቪስከስ ሰበቃውን b ያወጣሁት ሞተሩ 24 ቮልት ላይ ያለ ጭነት ሲዞር ከሚስበው ከረንት ነው፤ 5e-5 መጣልኝ። 24 ቮልት ላይ ሞዴሉም ሞተሩም 4407 ዙር በደቂቃ ይሰጣሉ። 6 ቮልት ላይ ግን ሞዴሉ 1102 ሲል ሞተሩ 997 ላይ ይቀራል። ከረንቱ 24 ላይ 0.46፣ 6 ላይ 0.39 አምፔር ነው። ችግሩ ኢንዳክታንሱን ማስገባቴ ይሆን? ብተወውስ? ቢያስረዱኝ።

ምላሽ፦ ኢንዳክታንሱን አትጠርጥረው፤ እሱ ንጹህ ነው። ያነበብከው ፍጥነት ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ነው። በዚያ ሰዓት ከረንቱ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ L የሚባዛበት di/dt ዜሮ ነው። L 2 ሚሊ ሄንሪ ሆነ 200፣ የመጨረሻው ፍጥነት ንቅንቅ አይልም። ስህተቱ ያለው ሰበቃው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ከላክኸው ቁጥር ራሱ ማሳየት ይቻላል።

ሞዴልህ ሁለት እኩልታዎች ናቸው። አንዱ የኤሌክትሪኩ፣ ሌላው የሜካኒካሉ፦

```
V = R·i + L·di/dt + K·ω
J·dω/dt = K·i − b·ω
```

ሁለቱ ላይ ያለው K አንድ ነው። በኒውተን ሜትር በአምፔር ብትለካውም፣ በቮልት ሰከንድ በራዲያን ብትለካውም ቁጥሩ እኩል ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ፍጥነቱን በራዲያን በሰከንድ ከያዝክ ብቻ ነው። በዙር በደቂቃ ካስገባኸው ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

አሁን የመጀመሪያውን እኩልታ ለብቻው እንፈትነው። ሞተሩ ሲረጋጋ K = (V − R·i)/ω ይሆናል። 24 ቮልት ላይ ፍጥነትህ 461.5 ራዲያን በሰከንድ ነው። ከ24 ላይ 2 × 0.46 ስትቀንስ 23.08 ቮልት ይቀራል፤ ለ461.5 ስታካፍለው 0.05 ይመጣል። 6 ቮልት ላይ ፍጥነቱ 104.4 ነው። ከ6 ላይ 2 × 0.39 ስትቀንስ 5.22 ይቀራል፤ ለ104.4 ሲካፈል አሁንም 0.05። ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት K መጣ ማለት R እና K ደህና ናቸው፣ የኤሌክትሪኩ ጎን ነጻ ነው ማለት ነው። የቀረው ተጠርጣሪ ሁለተኛው እኩልታ ብቻ ነው።

ይህን ፈተና ማንም ሰው ሞዴል ሲስትበት ከሁሉ በፊት እንዲሠራ እመክራለሁ። ሁለት የቮልቴጅ ነጥብ፣ ሁለት ከረንት፣ ሁለት ፍጥነት ብቻ ይበቃዋል። K ከነጥብ ነጥብ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ R ላይ አተኩር፣ ምክንያቱም ትንሹ ቮልቴጅ ላይ R·i ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። R በመልቲሜትር ብቻ ሲለካ ብዙ ጊዜ ያታልላል። መልቲሜትሩ የሚልከው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ በካርቦኑና በኮሙቴተሩ መካከል ያለውን ግንኙነት አስተማማኝ አድርጎ አያነበውም። ዘንጉን አጥብቀህ ያዝና በአነስተኛ ቮልቴጅ አንድ ሁለት አምፔር አሳልፍ፤ ከዚያ ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍል። ዘንጉን ጥቂት ጥቂት እያዞርክ በተለያየ ቦታ ደጋግመህ አማካዩን ውሰድ።

ወደ ሰበቃው እንመለስ። ሞተሩ ሲረጋጋ የሚያመነጨው ቶርክ K·i በሙሉ ሰበቃን ለማሸነፍ ይውላል። 24 ቮልት ላይ ይህ 0.05 × 0.46፣ ማለትም 0.023 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንተ ይህን ለ461.5 አካፈልክና b = 5e-5 አገኘህ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ውስጡ አንድ ግምት አለ፦ ሰበቃው በሙሉ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ሰበቃውም ዜሮ ነው የሚል።

ግምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ገደማ ሲወርድ ከረንቱም ወደ ሩብ ይወርድ ነበር። 6 ቮልት ላይ 0.12 አምፔር ገደማ ታነብ ነበር ማለት ነው። ያነበብከው ግን 0.39 ነው። ፍጥነቱ ከአራት እጅ በላይ ሲቀንስ ከረንቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። ከፍጥነት ጋር የማይለወጥ ሰበቃ አለ ማለት ነው፤ እሱም ደረቁ ሰበቃ ነው። ካርቦኖቹ በስፕሪንግ ተገፍተው ኮሙቴተሩ ላይ ሲሻሹ፣ ኩሽኔታውና ጎማ ማኅተሙ ሲፋተጉ የሚፈጠረው ማለት ነው። ካርቦን ባላቸው ትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ይሄ ነው። ቪስከሱ ድርሻ የሚመጣው ለምሳሌ ከኩሽኔታው ግሪስ ነው፣ እና እንደምታየው አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ደረቁን ሰበቃ Tc እንበለውና ሁለተኛው እኩልታ እንዲህ ይሁን፦

```
J·dω/dt = K·i − b·ω − Tc·sign(ω)
```

b እና Tc ለመለየት ቶርኩን በፍጥነት ላይ አስቀምጥ። ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ዝንባሌው b ነው፣ ፍጥነት ዜሮ ላይ የሚቆርጠው Tc ነው። ከቁጥሮችህ ስናሰላው፦ 6 ቮልት ላይ ቶርኩ 0.0195፣ 24 ቮልት ላይ 0.023 ነው። ልዩነቱ 0.0035 ገደማ ነው፤ የፍጥነቱ ልዩነት 357 ነው። b ወደ 1e-5 ይወጣል። Tc ደግሞ 0.0195 − 1e-5 × 104.4፣ ማለትም 0.0185 ነው።

ልብ በል፤ b ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ሆነ። 24 ቮልት ላይ እንኳ ከጠቅላላው ሰበቃ 80 በመቶው ደረቁ ነው። ሞዴልህ 24 ላይ የገጠመው ሰበቃውን ስላወቀ ሳይሆን፣ b ራሱ እዚያው ነጥብ ላይ ስለተስተካከለ ነው። ሞዴልን በተስተካከለበት ነጥብ መፈተን ምንም አያሳይም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። b የመጣው ከሁለት ተቀራራቢ ከረንቶች ልዩነት ነው። አሚሜትርህ በ0.01 አምፔር ቢሳሳት b ወደ 14 በመቶ ይዛባል። ስለዚህ 12 እና 18 ቮልትንም ጨምር። ሞዴሉ ልክ ከሆነ 12 ላይ 2134 ዙር በደቂቃ ገደማ በ0.41 አምፔር፣ 18 ላይ 3271 ገደማ በ0.44 አምፔር ማየት አለብህ። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካልተቀመጡና ፍጥነት ሲጨምር ወደ ላይ ከታጠፉ፣ ዘንጉ ላይ አየር የሚቀዝፍ ነገር፣ ለምሳሌ ማቀዝቀዣ ፋን፣ ሊኖር ይችላል። ንባቡን ከመጀመርህ በፊት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አዙረው፤ ግሪሱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን የመጀመሪያው ንባብ ከፍ ይላል።

አሁን 6 ቮልቱን በአዲሱ ሞዴል እንየው። ለመዞሪያ የሚያስፈልገው ትንሹ ቮልቴጅ R·Tc/K ነው፤ ይህ 0.74 ቮልት ነው። ይህን ያህል ቮልቴጅ ደረቁ ሰበቃ ይበላዋል። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ቮልት K/(R·b + K²)፣ ማለትም 19.84 ራዲያን በሰከንድ ይሰጣል። 6 ላይ 19.84 × 5.26 ወደ 104.4 ይመጣል፤ 997 ዙር በደቂቃህ እሱ ነው። 24 ላይ 19.84 × 23.26 ደግሞ 461.5 ነው። ሁለቱም ገጠሙ። የጠፋው 105 ዙር የተደበቀው እዚህ ነበር። 0.74 ቮልት ከ24 ላይ ሲቀነስ አይታወቅም፣ ከ6 ላይ ሲቀነስ ግን ያሳብቃል።

ትራንስፈር ፈንክሽን ብቻ መጠቀም ከፈለግህ ደረቁን ሰበቃ እንደ ቋሚ ተቃዋሚ ጭነት አድርገህ ለብቻ አስቀምጠው። ሞተሩ በአንድ አቅጣጫ ሳይቆም እስከዞረ ድረስ ምልክቱ ስለማይለወጥ Tc ቋሚ ቁጥር ነው፣ የተቀረው ክፍል ሊኒየር ሆኖ ይቀጥላል፦

```
ω(s)/V(s) = K / (L·J·s² + (L·b + R·J)·s + R·b + K²)
```

እዚህ ውስጥ የሚገባው b አዲሱ 1e-5 ነው። ሞተሩ ከቆመበት የሚነሳ ወይም አቅጣጫ የሚቀይር ከሆነ ግን ትራንስፈር ፈንክሽኑ ብቻውን አይበቃም፤ በጊዜ ማስላት አለብህ። ከቆመበት ለሚነሳ ሞተር ይህ አጭር ኮድ ይበቃል፦

```python
R, L, K = 2.0, 2e-3, 0.05
J, b, Tc = 5e-5, 1e-5, 0.0185
V, dt = 6.0, 1e-5
i = w = 0.0
for n in range(50000):
    T = K*i
    if w == 0 and abs(T) <= Tc:
        dw = 0.0
    else:
        s = 1 if (w > 0 or (w == 0 and T > 0)) else -1
        dw = (T - b*w - Tc*s)/J
    i += dt*(V - R*i - K*w)/L
    w += dt*dw
print(w*60/6.2832, i)
```

የ`if` ክፍሉን አትዝለለው። ፍጥነት ዜሮ ሆኖ የሞተሩ ቶርክ ከTc ሲያንስ ዘንጉ ዝም ማለት አለበት። ይህን ካላስገባህ ሰበቃው ራሱ የቆመውን ሞተር ወደኋላ ያዞረዋል። ኮዱን ለማቆም ወይም አቅጣጫ ለመቀየር ስትጠቀምበት ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮን ሲያቋርጥ w = 0 አድርገህ አቁመው፤ አለበለዚያ ዜሮ አካባቢ ወዲያ ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ። dt ከL/R በጣም ማነስ አለበት። የአንተ L/R 1 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 1e-5 በቂ ነው።

እስካሁን ያየነው የተረጋጋ ፍጥነትን ብቻ ነው። b ከተለወጠ ሞተሩ የሚፈጥንበት ጊዜም ይለወጣል ወይ ብትል፣ መልሱ «እምብዛም» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ሁለተኛውን እኩልታ ብቻ የሚያይ ሰው ታይም ኮንስታንቱ J/b ነው ብሎ ያስባል። በመጀመሪያው b ይህ 1 ሰከንድ፣ በአዲሱ 5 ሰከንድ ነው። ሞተርህ ግን ከመቶ ሚሊ ሰከንድ ጥቂት አልፎ ፍጥነቱን ይይዛል። ፍጥነቱን የሚገታው ዋናው ነገር ሰበቃ ሳይሆን ባክ ኢኤምኤፉ፣ ማለትም ዘንጉ ሲዞር የሚፈጠረው ተቃራኒ ቮልቴጅ K·ω ነውና። ዘንጉ ሲፈጥን ባክ ኢኤምኤፉ ያድጋል፣ ከረንቱ ይቀንሳል፣ ቶርኩም ይቀንሳል። ይህ ውጤት K²/R የሚያህል ቪስከስ ሰበቃ እንደጨመርክ ይቆጠራል። በአንተ ሞተር K²/R 1.25e-3 ነው፤ የb 125 እጥፍ! ታይም ኮንስታንቱ በግርድፉ R·J/(R·b + K²) ስለሆነ በድሮው b 38.5፣ በአዲሱ 39.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የተሳሳተ b በስቴፕ ሪስፖንሱ ቅርጽ ላይ የማይጋለጠው።

b እና Tc የሚታዩት ባክ ኢኤምኤፉ ሥራ ሲፈታ ነው። ሞተሩን 24 ቮልት ላይ አረጋጋና ገመዱን ንቀል። ከረንት ስለሌለ የሚያቆመው ሰበቃ ብቻ ነው። የድሮው ሞዴልህ ከ1.1 ሰከንድ በኋላ ገና 1470 ዙር በደቂቃ ገደማ ይዞራል ይላል፤ ጅራቱም ረጅም ነው። አዲሱ ሞዴል ልክ እዚያው 1.1 ሰከንድ ላይ ይቆማል ይላል፤ ፍጥነቱም ቀጥ ባለ መስመር ነው ማለት በሚቻል መልኩ ይወርዳል። የፍጥነቱን ግራፍ ስታይ ቀጥ ያለ ከሆነ ደረቁ ሰበቃ ገዢ ነው፤ እየተቀለሰ ከሄደ ቪስከሱ ነው። ቅርጹ ቀጥ ብሎ ጊዜው ብቻ ከ1.1 በጣም ከረዘመ ደግሞ ሰበቃው ሳይሆን J ነው የተሳሳተው። ዳታሺት ላይ የሚገኘው J የባዶ ሮተሩ ብቻ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያሰርከውን ካፕሊንግ ወይም የኢንኮደር ዲስክ አይጨምርም።

ባክ ኢኤምኤፉን በዓይንህ ማየት ካማረህ ሙከራውን ከ6 ቮልት ላይ ድገመው። መጀመሪያ ከምንጩ ነቅለህ ብቻ ተወው፤ 0.27 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ቀጥሎ ከምንጩ ነቅለህ ወዲያው ሁለቱን የሞተር ገመዶች አገናኛቸው፤ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆማል። ይህን ከ24 ቮልት ላይ አትሞክረው። ወደ 11 አምፔር የሚጠጋ ከረንት በካርቦኖቹ ያልፋል።

በመጨረሻ ኢንዳክታንሱ። ልተወው ወይ ብለሃል፤ መልሱ ሞዴሉን ለምን እንደፈለግኸው ይወሰናል። ቁጥሮቹን ትራንስፈር ፈንክሽኑ ውስጥ ስናስገባ ሁለት ፖሎች ይመጣሉ፦ −25.9 እና −974። የመጀመሪያው 38.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሁለተኛው 1.03 ሚሊ ሰከንድ። L ዜሮ ብትለው አንድ ፖል ብቻ ይቀርና 39.7 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ፍጥነቱን በግራፍ ብታስቀምጣቸው ሁለቱ መስመሮች ይደራረባሉ። ልዩነቱ የሚታየው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ብቻ ነው፤ L ያለው ሞዴል ከአግድም ይነሳል፣ L የሌለው በአንዴ ሽቅብ ይነሳል።

ከረንቱ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። L የሌለው ሞዴል 24 ቮልት ባበራህበት ቅጽበት 12 አምፔር ይዘላል ይላል። L ያለው ከዜሮ ተነስቶ ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ላይ 11 አምፔር ገደማ ይደርስና ይወርዳል። ትራንዚስተር ለመምረጥ፣ የከረንት ገደብ ለማስቀመጥ ወይም የከረንት ሉፕ ለመሥራት ከሆነ L የግድ ያስፈልግሃል። የፍጥነት ሉፕ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሉፑን ፍጥነት እይ። ክሮስኦቨርህ 100 ራዲያን በሰከንድ ቢሆን ሁለተኛው ፖል የሚወስድብህ ፌዝ 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ተወው ቢባል አይጎዳም። 500 ላይ ከሆነ ግን 27 ዲግሪ ይሆናል። ያንን የረሳ ሰው በወረቀት የተረጋጋ፣ በሞተሩ ላይ ግን የሚወዛወዝ ሉፕ ይሠራል።

L ን ከነጭራሹ መተው የማይቻልበት ሁኔታም አለ። L/R ከሜካኒካሉ ታይም ኮንስታንት ሩብ ሲያልፍ ሁለቱ ፖሎች ይገናኙና ኮምፕሌክስ ይሆናሉ፤ ፍጥነቱም አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ለአንተ ሞተር ይህ የሚሆነው L ወደ 20 ሚሊ ሄንሪ ሲደርስ ነው፣ አሁን ካለህ አሥር እጥፍ። በመስመሩ ላይ ቾክ ኮይል ከጨመርክ ወይም J በጣም ትንሽ የሆነ ሞተር ከቀየርክ እዚያ ልትደርስ ትችላለህ።

L ን ለመለካት ዘንጉን ቆልፈህ 2 ቮልት ገደማ በአንዴ ስጥና ከረንቱን በኦሲሎስኮፕ ተመልከት። ከመጨረሻው ዋጋ 63 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ L/R ነው፤ 1 ሚሊ ሰከንድ ካየህ 2 ሚሊ ሄንሪህ ልክ ነው። ዘንጉ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ባክ ኢኤምኤፍ ስለሚገባ ንባቡ ይበላሻል፣ ስለዚህ በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ ያዘው። ከረንቱ የሚለካበት ሬዚስተርና ምንጩ ያላቸው ሬዚስታንስም R ውስጥ ይደመራል። ሙከራውን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብትሠራው፣ መዳብ በየዲግሪ ሴልሺየሱ 0.39 በመቶ ገደማ ሬዚስታንሱ እንደሚጨምር አስታውስ። ጥቅልሉ 50 ዲግሪ ከሞቀ 2 ኦምህ 2.4 ገደማ ይሆናል፤ ያኔ ታይም ኮንስታንቱም በዚያው ልክ ወደ 48 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ቮልቴጅም ከ0.74 ወደ 0.89 ከፍ ይላል። ስለዚህ 6 ቮልት ላይ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት ከባድ ጭነት ይዞ ከዞረ በኋላ ፍጥነቱ እንደገና ከሞዴሉ ዝቅ ካለ፣ ሰበቃውን ከመነካካትህ በፊት R ን እንደሞቀ ለካው።